ታማችሁ ቢዝነስ ፕላኑ ሳይደርስ ሲቀር፦ ለመምህር የሚጻፍ ደብዳቤ ደረጃ በደረጃ

የቢዝነስ ፕላን አሳይመንት በአንድ ሌሊት ተጽፎ አያልቅም። ገበያ መውጣት፣ ዋጋ መጠየቅ፣ ደንበኛ ማነጋገር አለበት። ለዚህ በመደባችሁት ሳምንት ከታመማችሁ፣ የሚያዋጣው የፈጠራ ቁጥር ሞልቶ ማስረከብ ሳይሆን ተጨማሪ ቀን በደብዳቤ መጠየቅ ነው። ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሞላም። ከባዱ ሥራ ከመጻፉ በፊት ያለው ነው።

እነዚህን አዘጋጁ፦ ሦስት ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የሕመም ፈቃድ ወረቀት፣ መምህሩ አሳይመንቱን ያዘዙበት ወረቀት፣ የኮርስ አውትላይን፣ የሁለቱንም አቆጣጠር ቀን የያዘ ካላንደርና ስልካችሁ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ባሕር ዳር ያለች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለኢንተርፕርነርሺፕ ኮርስ፣ እንጀራ ጋግሮ ለሆቴሎች ስለማቅረብ ቢዝነስ ፕላን እያዘጋጀች ነው እንበል። ማስረከቢያው ዓርብ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሰኞ ግንቦት 11 ታይፎይድ ያዛትና ሐኪም የ7 ቀን ዕረፍት አዘዘላት። ሰኞ ግንቦት 18 ወደ ትምህርት ተመለሰች። ለማስረከቢያው አምስት ቀን ቀርቶታል።

ደረጃ 1፦ በታመማችሁበት ቀን አሳውቁ

ደብዳቤውን አልጋ ላይ ሆናችሁ አትጻፉ። አጭር መልእክት ግን ላኩ። መምህሩ የክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ካላቸው በግል ጻፉላቸው፤ በቡድኑ ውስጥ አትጻፉ። ቴሌግራም የማይጠቀሙ ከሆነ በክፍል ተጠሪው በኩል አስነግሩ። መልእክቱ ይህን ያህል ይበቃዋል፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሴክሽን 2 ተማሪ …… ነኝ። ታምሜ ከዛሬ ግንቦት 11 ጀምሮ ሐኪም የ7 ቀን ዕረፍት አዞልኛል። የቢዝነስ ፕላኑን ማስረከቢያ በተመለከተ ግንቦት 18 ማስረጃዬን ይዤ በጽሑፍ አመለክታለሁ።»

እዚህ ላይ ቀን እንዲጨመርላችሁ አትጠይቁ። ገና ስንት ቀን እንደሚያስፈልጋችሁ አታውቁም። መልእክቱ የሚጠቅመው የተላከበት ቀን ስለሚታይ ነው፤ ሰበቡ በማስረከቢያው ዋዜማ የተፈጠረ አለመሆኑን ያሳያል። በድምፅ አትላኩ፣ በሌሊትም አትላኩ።

ደረጃ 2፦ የሕመም ፈቃዱን ከሐኪም ክፍል ሳትወጡ አንብቡ

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ነው። የላቦራቶሪ ውጤትና የመድኃኒት ማዘዣ የሕመም ፈቃድ አይደሉም። መመርመራችሁንና መድኃኒት መውሰዳችሁን ያሳያሉ እንጂ፣ ሥራ መሥራት እንዳልቻላችሁ አይናገሩም። ሐኪሙን «የዕረፍት ወረቀት ይጻፉልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን ስትቀበሉ እነዚህን ተመልከቱ።

ስማችሁ በተማሪነት መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ተጽፏል? የአያት ስም ቀርቶ ከሆነ አስጨምሩ። የታከማችሁበት ቀን አለ? የዕረፍቱ ቀናት ብዛት ተሞልቷል? ይህ ቦታ ባዶ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ባዶ ከሆነ ወረቀቱ ለጥያቄያችሁ አይረዳም። የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የጤና ተቋሙ ክብ ማኅተም አሉ? ማኅተሙ ብዙ ጊዜ የሚመታው ካርድ ክፍል ስለሆነ፣ ከሐኪሙ ወጥታችሁ በቀጥታ ወደዚያ ሂዱ።

ሕክምናውን ያገኛችሁት ከግቢ ውጪ ከሆነ፣ ወረቀቱ በተማሪዎች ክሊኒክ መረጋገጥ ያስፈልገው እንደሆነ የትምህርት ክፍላችሁን ጸሐፊ ጠይቁ። ይህን የሚጠይቁ ተቋማት አሉ።

ደረጃ 3፦ ቀኖቹን በአንድ አቆጣጠር አስቀምጡ

የኮርስ አውትላይን በአብዛኛው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፋል። የክሊኒክ ወረቀት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አደባልቃችሁ ከጻፋችሁ፣ መምህሩ ሕመሙ ከማስረከቢያው በፊት ይሁን በኋላ መለየት ያቅታቸዋል።

በግንቦት ወር ስሌቱ ቀላል ነው። ግንቦት 1 ሁልጊዜ ሜይ 9 ነው፤ ስለዚህ በግንቦቱ ቀን ላይ 8 ጨምሩ። ግንቦት 11 ሜይ 19፣ ግንቦት 22 ሜይ 30 ይሆናል። ከግንቦት 24 ጀምሮ ወደ ጁን ይገባል፤ ግንቦት 28 ጁን 5 ነው። የአሳይመንቱ ወረቀት በአውሮፓ ቀን ከተጻፈ፣ በደብዳቤው ላይ የማስረከቢያውን ቀን በሁለቱም ጻፉ። የቀረውን በአንዱ ብቻ።

ደረጃ 4፦ ሥራውን ያለቀና የቀረ ብላችሁ ክፈሉ

አንድ ወረቀት በመሐል መስመር ለሁለት ክፈሉ። በግራ ያለቀውን፣ በቀኝ የቀረውን ጻፉ። የተጀመረን ነገር «አልቋል» በሚለው ሥር አታስገቡ።

የተማሪዋ ወረቀት ይህን ይመስላል። በግራ፦ የሥራው ሐሳብ፣ የምርቱ መግለጫ፣ የተወዳዳሪዎች ዝርዝር፣ የሠራተኛ አደረጃጀት። በቀኝ፦ የ12 ሆቴሎች የፍላጎት ጥናት፣ የጤፍና የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ፣ የገበያ ክፍሉ ጽሑፍ፣ የፋይናንስ ክፍሉ በሙሉ።

አሁን በቀኝ በኩል ካሉት የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ በቀስት አያይዙ። ቢዝነስ ፕላን እንደ ሌላ አሳይመንት ያልሆነው በዚህ ነው። ሆቴሎቹ በቀን ስንት እንጀራ እንደሚገዙ ሳይታወቅ የቀን ሽያጭ አይታወቅም። የቀን ሽያጭ ሳይታወቅ በወር ስንት ኩንታል ጤፍ እንደሚገዛ አይታወቅም። ያ ከሌለ የወጪ ሠንጠረዥ የለም፤ የወጪ ሠንጠረዥ ከሌለ የ12 ወሩ ካሽ ፍሎውም፣ ሥራው ኪሳራ የሚያቆምበት ብሬክ ኢቨንም የለም። አንድ የገበያ ሳምንት ሲጠፋ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። መምህሩ ይህን በሚገባ ያውቃሉ። ሌሎች ክፍሎች አልቀው ይህ ብቻ መቅረቱን በደብዳቤው ካሳያችሁ፣ ጥያቄያችሁ ከማንኛውም ልመና የበለጠ ይገባቸዋል።

ሆቴሎቹን ሳትጠይቁ ቁጥር ፈጥራችሁ አትሙሉ። ፈጠራ በሠንጠረዡ ላይ ይታያል፤ የ12ቱም ወር ሽያጭ እኩል ይሆናል፣ የሁሉም ሆቴል ትዕዛዝ ድፍን መቶ ይሆናል። ውጤት የሚቀነሰው ከዚያ ነው።

አሳይመንቱ የቡድን ከሆነ በወረቀቱ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ጨምሩና የማን ድርሻ እንደሆነ ጻፉ። መምህሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሌሎቻችሁስ?» ብለው ነው። ቡድኑ የራሱን በጊዜው እንዲያስረክብ፣ ቀን የሚራዘመው ለእናንተ ድርሻ ብቻ እንዲሆን ጠይቁ። የቡድኑ ተጠሪም ደብዳቤው ላይ ይፈርም።

ደረጃ 5፦ የቀረውን ሥራ በቀን ቁጠሩ

ከእያንዳንዱ ቀሪ ሥራ ጎን ስንት ቀን እንደሚወስድ ጻፉ። ጠዋት ጠዋት ክፍል ካላችሁ ቀኑን እንደ ግማሽ ቁጠሩት። ተማሪዋ ከሰዓት ብቻ ነው የምትወጣው፤ በአንድ ከሰዓት ሦስት ሆቴል ትደርሳለች። ስለዚህ፦

12 ሆቴሎች፦ 4 ቀን
የጤፍና የምጣድ ዋጋ፦ 1 ቀን
የገበያ ክፍሉን መጻፍ፦ 1 ቀን
የፋይናንስ ሠንጠረዦች፦ 3 ቀን
ማረም፣ ማሳተምና መጠረዝ፦ 1 ቀን

ድምሩ 10 የሥራ ቀን ነው። አሁን ካላንደሩን ክፈቱና ከተመለሳችሁበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። እሑድን ዝለሉ። ከሰኞ ግንቦት 18 እስከ ዓርብ ግንቦት 22 አምስት ቀን አለ። ቅዳሜ 23 ስድስት፤ ሰኞ 25 ሰባት፤ ማክሰኞ 26 ስምንት፤ ረቡዕ 27 ዘጠኝ፤ ሐሙስ ግንቦት 28 አሥር። የምትጠይቀው ቀን ሐሙስ ግንቦት 28 ነው።

አንድ ማመሳከሪያ አለ። ሕመሙ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት የሥራ ቀን ወስዶባታል። የምትጠይቀው ጭማሪ እሑድን ሳይቆጥር አምስት ነው። ጭማሪው ከጠፋው ከበለጠ፣ ወደ ዝርዝሩ ተመለሱና የሚቀነስ ፈልጉ። ከጠፋባችሁ በላይ ስትጠይቁ ሕመሙ ምክንያት መሆኑ ይቀራል።

ደረጃ 6፦ ቀኑ የሚቻል መሆኑን ፈትሹ

ሦስት ነገር ተመልከቱ። በመጀመሪያ በዓል። በ2017 ዓ.ም. ዓርብ ግንቦት 29 ዒድ አል አድሃ ነበር። «ልክ አንድ ሳምንት» ብሎ በደፈናው የጠየቀ ተማሪ የተዘጋ ቢሮ ፊት ይቆም ነበር። የዒድ ቀን በጨረቃ ስለሚወሰን፣ በዓሉ ሊውልባቸው የሚችሉትን ቀኖች ተዉአቸው።

ቀጥሎ ፕረዘንቴሽን። አውትላይኑ ላይ የቢዝነስ ፕላኑ ገለጻ ቀን ካለ፣ የምትጠይቁት ቀን ከእሱ መቅደም አለበት።

በመጨረሻ ውጤት የሚገባበት ቀን። መምህሩ ውጤት ለሬጅስትራር የሚያስገቡበት ቀን አላቸው። ከዚያ ካለፈ እሳቸው ቢፈልጉም በራሳቸው ሊፈቅዱ አይችሉም፤ ኮርሱ «ያልተሟላ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ፋይናል ፈተና ከመጀመሩ በፊት የሚያርፍ ቀን ምረጡ።

ደረጃ 7፦ ራስጌውን ጻፉ

በቀኝ ከላይ ቀኑን ጻፉ። በግራ ከቀኑ ዝቅ ብላችሁ «ለመምህር» ብላችሁ የመምህሩን ሙሉ ስም፣ ከሥሩ የትምህርት ክፍሉን፣ ከሥሩ ከተማውን ጻፉ። ዶክተር ወይም ረዳት ፕሮፌሰር ከሆኑ ማዕረጉን አትርሱ፤ ያልያዙትን ማዕረግም አትስጡ። የስማቸውን አጻጻፍ ከአውትላይኑ ላይ አመሳክሩ።

መሐል ላይ «ጉዳዩ፦» ብላችሁ ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉና ከሥሩ አስምሩበት። «ትብብር ስለመጠየቅ» አትበሉ፤ ምን ትብብር እንደሆነ አይታወቅም።

«ግልባጭ» ብላችሁ የትምህርት ክፍል ኃላፊውን አትጨምሩ። መምህሩ ገና መልስ ሳይሰጡ ለአለቃቸው ማሳወቅ ክስ ይመስላል። የተቋማችሁ ደንብ ግልባጭ የሚያዝዝ ከሆነ ግን አድርጉ።

ደረጃ 8፦ ሦስት አንቀጽ ጻፉ

በመጀመሪያው አንቀጽ ማን እንደሆናችሁና መቼ እንደታመማችሁ ጻፉ። የበሽታውን ስም መጥቀስ ግዴታ አይደለም። መናገር የማትፈልጉት ከሆነ «በሕመም ምክንያት በሐኪም ትእዛዝ» ብቻ በሉ፤ ቀኖቹ ግን ይኑሩ።

በሁለተኛው ያለቀውንና የቀረውን ከደረጃ 4 ወረቀታችሁ ገልብጡ።

በሦስተኛው ቀኑን ጠይቁ። የሳምንቱን ዕለት ጨምራችሁ ሙሉ ቀን ጻፉ። «ጥቂት ቀናት» ወይም «እስክድን ድረስ» አትበሉ። ከዚያ አንድ ነገር በራሳችሁ ጨምሩ፦ ያለቁትን ክፍሎች በመጀመሪያው ማስረከቢያ ቀን እንደምታስረክቡ ጻፉ። በእኔ እምነት ከደብዳቤው ሁሉ ጠንካራው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ሥራው በእርግጥ መጀመሩን መምህሩ በዓይናቸው ያያሉ፤ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ያለው ሚዛንም አይዛባባቸውም።

ሙሉው ደብዳቤ ይህ ነው፦

ቀን፦ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ……………………
ማኔጅመንት ትምህርት ክፍል
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የቢዝነስ ፕላን አሳይመንት ማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

እኔ ተማሪ …………………… የመታወቂያ ቁጥር …………፣ የ2ኛ ዓመት ሴክሽን 2 ተማሪ ስሆን፣ ከግንቦት 11 እስከ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በታይፎይድ ታምሜ በሐኪም ትእዛዝ ዕረፍት ላይ ነበርኩ። የሕመም ፈቃዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ለኢንተርፕርነርሺፕ ኮርስ የማዘጋጀው ቢዝነስ ፕላን በባሕር ዳር ከተማ እንጀራ ጋግሮ ለሆቴሎች ስለማቅረብ ነው። የሥራው ሐሳብ፣ የምርቱ መግለጫ፣ የተወዳዳሪዎች ዝርዝርና የሠራተኛ አደረጃጀት ተጽፈው አልቀዋል። በታመምኩበት ሳምንት ልሠራው ያቀድኩት የ12 ሆቴሎች የፍላጎት ጥናትና የዋጋ መረጃ ማሰባሰብ ግን አልተሠራም። የፋይናንስ ክፍሉም በዚህ መረጃ ላይ ስለሚመሠረት ገና አልተጀመረም።

ስለዚህ የማስረከቢያው ቀን ከዓርብ ግንቦት 22 ወደ ሐሙስ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. እንዲራዘምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያለቁትን ክፍሎች በመጀመሪያው ቀን ግንቦት 22 አስረክባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም ……………………
ፊርማ ……………………
ስልክ ……………………

አባሪ፦ የሕመም ፈቃድ 1 ገጽ

ደረጃ 9፦ አንብባችሁ ቀንሱ

ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። የሕመሙን ስቃይ የሚተርክ ዓረፍተ ነገር ካለ ሰርዙ፤ ማስረጃው ተያይዟል። የቤተሰብ ችግር፣ የሌላ ኮርስ ጫና፣ የመብራት መጥፋት ከገባበት አውጡ። ሁለተኛ ምክንያት ሲጨመር የመጀመሪያው ይላላል። መሐላ አትጨምሩ። «እርስዎ» ብላችሁ ጀምራችሁ መሐል ላይ «አንተ» ወይም «አንቺ» የሚል ግሥ እንዳልገባ ተመልከቱ።

ከዚያ በደብዳቤው ላይ ያሉትን ቀኖች በሕመም ፈቃዱ ላይ ካሉት ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። የአንድ ቀን ልዩነት ከተገኘ ትክክሉ የወረቀቱ ነው፤ ደብዳቤውን አስተካክሉ። የሐኪሙን ወረቀት በእስክሪብቶ አትንኩ። የተነካ ወረቀት የማጭበርበር ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል።

ደረጃ 10፦ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁና በሁለቱም ላይ በእስክሪብቶ ፈርሙ። የሕመም ፈቃዱን ፎቶኮፒ ከእያንዳንዱ ጋር በስቴፕለር አያይዙ። ዋናውን ለማሳየት ያዙ እንጂ አትስጡ።

መምህሩን በቢሮ ሰዓታቸው አግኟቸው፤ ከክፍል ሲወጡ ኮሪደር ላይ አታስቁሟቸው። ሰላምታ ስጡ፣ ደብዳቤውን አስረክቡ፣ እስኪያነቡ ጠብቁ። ከፈቀዱ የተፈቀደውን ቀን በእናንተ ቅጂ ላይ ጽፈው እንዲፈርሙበት ጠይቁ። ቢሮ ከሌሉ ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ስጡና በቅጂያችሁ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ቀን ጽፈው እንዲፈርሙ አድርጉ። ገና ካልዳናችሁ የክፍል ጓደኛችሁ ያድርስላችሁ፤ ፊርማው ግን የራሳችሁ ይሁን።

የዚያኑ ዕለት ደብዳቤውንና የሕመም ፈቃዱን በስልክ ስካን አድርጋችሁ በአንድ ፒዲኤፍ ላኩላቸው። ፎቶውን ቀን ብርሃን ላይ አንሱ፤ ማኅተሙ የማይነበብ ከሆነ ድገሙት።

ደረጃ 11፦ መልሱን እየጠበቃችሁ ሥሩ

መልስ እስኪመጣ ማስረከቢያው ዓርብ ግንቦት 22 እንደሆነ ቁጠሩ። ተማሪዋ ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ሰጥታ ሰኞ ከሰዓት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሆቴሎች መጠየቅ አለባት።

በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ በትሕትና አስታውሱ። አሁንም ዝም ካሉ ቅጂያችሁን ይዛችሁ የትምህርት ክፍል ኃላፊውን አነጋግሩ፤ ይህም ከማስረከቢያው በፊት ይሁን።

ከጠየቃችሁት ያነሰ ቀን ከተሰጣችሁ አትከራከሩ። ተቀበሉና ሥራውን ቀንሱ። ተማሪዋ እስከ ማክሰኞ ግንቦት 26 ብቻ ቢፈቀድላት፣ ሆቴሎቹን ከ12 ወደ 6 ታወርዳለች፤ በዚህም ሁለት ቀን ታተርፋለች። የጠየቀቻቸው 6 ብቻ መሆናቸውን በገበያ ክፍሉ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ትጽፋለች። ትንሽ ሆኖ እውነተኛ የሆነ መረጃ ለፋይናንስ ሠንጠረዡ ይበቃል።

ደረጃ 12፦ የተፈረመውን ቅጂ ከሥራው ጋር አስረክቡ

ግንቦት 22 ያለቁትን ክፍሎች ቃል በገባችሁት መሠረት ስጡ። ግንቦት 28 ሙሉውን ቢዝነስ ፕላን ስታስረክቡ፣ መምህሩ የፈረሙበትን ደብዳቤ ፎቶኮፒ ከሽፋኑ ቀጥሎ አድርጋችሁ ጠርዙ። አሳይመንቱን የሚያርመው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ቀኑ በፈቃድ መራዘሙን የሚያውቀው ከዚያ ነው። ዋናውን ቅጂ የኮርሱ ውጤት እስኪለጠፍ ድረስ አትጣሉት።